ቤርቤሪን፦ ሕዋስን በጥቂቱ አስርቦ ስኳር የሚያወርድ ቢጫ ንጥረ ነገር

ከአዳማ ወደ ሞጆ፣ ከዚያም በመቂ በኩል ወደ ባቱ ለሚጓዝ ሰው በመንገዱ ዳርና በማሳው ጠርዝ የሚበቅል አንድ እሾሃማ አረም እንግዳ አይደለም። አበባው ፈዛዛ ቢጫ ነው፤ ቅጠሉ ነጣ ያሉ መስመሮች ያሉት ሲሆን ጠርዙ በእሾህ የተከበበ ነው። ግንዱ ሲሰበር ቢጫ ወተት ያወጣል፤ ከብትም አይደፍረውም። የዕፅዋት ባለሙያዎች አርጌሞኔ ይሉታል፤ የትውልድ ቦታው አሜሪካ ነው። በዚህ ተክል ውስጥ ከሚገኙት ቢጫ ንጥረ ነገሮች አንዱ ቤርቤሪን ይባላል። የስኳር ሕመምን የሚያጠኑ ሰዎች ላለፉት ሃያ ዓመታት አጥብቀው የተከታተሉት፣ ዛሬም ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ በእንክብል መልክ የሚገባው ይኸው ንጥረ ነገር ነው። ከበርበሬ ጋር ዝምድና የለውም።

ቤርቤሪን በአርጌሞኔ ብቻ የሚገኝ አይደለም። ቤርቤሪስ በሚባሉት ቢጫ እንጨት ያላቸው እሾሃማ ቁጥቋጦዎችም ይገኛል፤ ከእነዚህ አንዱ ዝርያ በአገራችን ደጋ ይበቅላል። ቻይናውያን ደግሞ ኮፕቲስ ከሚባል ተክል ሥር እያወጡ ለተቅማጥ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ከስኳር ጋር የተገናኘውም በተቅማጥ በኩል ነው። በ1988 እ.ኤ.አ. የቻይና ሐኪሞች ተቅማጥ ይዟቸው ቤርቤሪን የተሰጣቸው የስኳር ሕሙማን የደም ስኳራቸውም እንደወረደ ጻፉ። ለምን እንደወረደ ግን ለማወቅ ሃያ ዓመት ገደማ ፈጅቷል፤ መልሱም ያልተጠበቀ ነበር። ቤርቤሪን የሚሠራው ሕዋሱን በመጠኑ በመጉዳት ነው።

እያንዳንዱ የሰውነታችን ሕዋስ ለሥራው የሚከፍለው ኤቲፒ በተባለ ኃይል ተሸካሚ ነው። ኤቲፒ ሦስት የፎስፌት ጭፍሮች አሉት፤ አንዱ ሲነጠል ኃይል ይለቀቅና ኤዲፒ የሚባለው ይቀራል። ያን መልሶ የሚሞላው በሕዋሱ ውስጥ ያለው ማይቶኮንድሪያ ነው፤ እሱም ምግብን በኦክስጅን እያቃጠለ ይሠራል። ማቃጠሉ የሚካሄደው በተከታታይ በተደረደሩ የፕሮቲን ጣቢያዎች ሲሆን የመጀመሪያው ጣቢያ ኮምፕሌክስ አንድ ይባላል። ቤርቤሪን የኤሌክትሪክ ሙላቱ አዎንታዊ ስለሆነ፣ ውስጡ አሉታዊ ወደሆነው ማይቶኮንድሪያ እየተሳበ ይገባና ይህን የመጀመሪያ ጣቢያ ያዳክማል። ይህን በ2008 እ.ኤ.አ. ያሳዩት በሲድኒው የጋርቫን ተቋም የሚሠሩ ተመራማሪዎች ናቸው። ጣቢያው ሙሉ በሙሉ ቢዘጋ ሕዋሱ ይሞታል። ሲዳከም ግን የኤቲፒው አሞላል ትንሽ ወደኋላ ይቀራል።

ትንሽ ነው የተባለው ጉድለት ለሕዋሱ ትልቅ ደወል የሚሆንበት ምክንያት አለ። ኤዲፒ ሲጠራቀም ሕዋሱ ሁለት ኤዲፒዎችን ወስዶ አንዱን ኤቲፒ፣ ሌላውን ደግሞ ኤኤምፒ ያደርጋቸዋል፤ ኤኤምፒ አንድ ፎስፌት ብቻ የቀረው ነው። በምሳሌ እንየው። በእረፍት ላይ ባለ ሕዋስ ውስጥ 100 ኤቲፒ፣ 10 ኤዲፒና 1 ኤኤምፒ አሉ እንበል። ማይቶኮንድሪያው ሲዳከም ኤዲፒው ወደ 20 ቢያድግ፣ ሚዛኑ ሲሰላ ኤቲፒው ወደ 86 ይወርዳል፤ ኤኤምፒው ግን ከ1 ወደ 4.6 ገደማ ይዘልላል። ዋናው ኃይል የቀነሰው በ14 በመቶ ብቻ ነው፤ ኤኤምፒው ግን ከአራት እጥፍ በላይ ሆነ። ስለዚህ የኃይል እጥረትን ቶሎ ማወቅ የሚፈልግ ሕዋስ ኤቲፒውን ከሚቆጥር ይልቅ ኤኤምፒውን ቢጠብቅ ይሻለዋል።

ይህን የሚጠብቀው ኤኤምፒኬ የተባለው ፕሮቲን ነው። አልፋ፣ ቤታና ጋማ የሚባሉ ሦስት ክፍሎች አሉት። ኤኤምፒው የሚቀመጠው ጋማው ላይ ነው። ሲቀመጥ የፕሮቲኑ ቅርጽ ይለወጥና ኤልኬቢ1 የተባለ ሌላ ፕሮቲን በአልፋው ላይ በተወሰነ ቦታ ፎስፌት ይለጥፍበታል፤ የተለጠፈውም በቀላሉ እንዳይነሳ ይጠበቃል። በዚህ ጊዜ ኤኤምፒኬ ይነቃል። የነቃው ኤኤምፒኬ ኃይል የሚበላውን ሥራ ያስቆማል፣ ኃይል የሚያስገኘውን ያፋጥናል። በጉበት ውስጥ አዲስ ስኳርና ስብ መሥራት ይቀንሳል። በጡንቻ ውስጥ ደግሞ ስኳር የሚያስገቡት በሮች ከሕዋሱ ሆድ ወደ ቆዳው ይወጣሉ፤ የኢንሱሊን ትእዛዝ በደከመበት ሰው እንኳ ስኳር ከደም ወደ ጡንቻ ይገባል። ጠንክሮ የሠራ ወይም ብዙ መንገድ የሄደ ሰው ስኳሩ የሚወርድበት አንዱ መንገድም ይኸው ነው።

ቤርቤሪን በእርግጥ በዚህ መንገድ እንደሚሄድ ያሳየውና እኔን በጣም ያስደነቀኝ ሙከራ በ2010 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ ዳንዲ ዩኒቨርሲቲ በግሬሃም ሃርዲ ቡድን የተሠራው ነው። ተመራማሪዎቹ ሁለት ዓይነት ሕዋሳት አዘጋጁ። በአንዱ ውስጥ ያለው ኤኤምፒኬ ጤነኛ ነው፤ በሌላው ውስጥ ያለው ጋማው ላይ አንዲት ቦታ ተለውጣ ኤኤምፒን መለየት የማይችል ነው። ቤርቤሪን ሲጨመር ጤነኛው ነቃ፣ የተለወጠው ዝም አለ። ምናልባት የተለወጠው ፕሮቲን ከነጭራሹ ተበላሽቶ ይሆን? ይህን ለማጣራት ኤኤምፒን ሳይጠብቅ ኤኤምፒኬን በቀጥታ የሚቀሰቅስ ሌላ ኬሚካል ጨመሩ፤ በዚህ ጊዜ ሁለቱም ነቁ። ስለዚህ ቤርቤሪን ኤኤምፒኬን ራሱን አይነካውም፤ ማይቶኮንድሪያውን ነክቶ ኤኤምፒ ያስነሳል፣ ኤኤምፒው ይቀሰቅሰዋል። በአዳማም ሆነ በሻሸመኔ የስኳር ክትትል ያለው ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሜትፎርሚንም በዚያው ሙከራ ተመሳሳይ ጠባይ አሳይቷል።

ነገር ግን እዚህ ላይ ማቆም አይቻልም። በሳህን ላይ ያሉ ሕዋሳትን ለመቀስቀስ የሚፈሰው ቤርቤሪን ብዙ ነው። በአፍ ከተወሰደው ወደ ደም የሚገባው ግን ከ1 በመቶ በታች ነው፤ የአንጀት ግድግዳ መልሶ ይተፋዋል፣ ጉበትም በቀላሉ አያሳልፈውም። አንድ ሰው 400 ሚሊግራም ሲውጥ በደሙ ውስጥ የሚለካው በሕዋስ ሙከራዎች ከሚጠቀሙበት በሺዎች እጥፍ ያነሰ ነው። ጉበት ከደም ይልቅ አብዝቶ ያጠራቅማል፤ ያም ልዩነቱን በከፊል ይሞላል። የቀረው ምናልባት አንጀት ውስጥ የሚሠራ ነው፦ የአንጀት ባክቴሪያዎች ቤርቤሪንን በቀላሉ ወደሚሰርግ መልክ ይለውጡታል፤ እሱም በበኩሉ ባክቴሪያዎቹንና የሐሞት አሲዶችን ይለውጣል። በዚያ ላይ ማይቶኮንድሪያው የተዳከመ ሕዋስ፣ ኤኤምፒኬ ቢነቃም ባይነቃም፣ ያለ ኦክስጅን ኃይል ለማግኘት ሲል ብዙ ስኳር ይፈጃል። ስለዚህ ኤኤምፒኬ በታሪኩ ውስጥ እንዳለበት የታወቀ ነው፤ በሰው ላይ ስኳሩን የሚያወርደው እሱ ብቻ ነው ማለት ግን አይቻልም።

ስኳሩስ ምን ያህል ይወርዳል? በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመው የሻንጋይ ጥናት ሕመማቸው አዲስ የታወቀ 36 ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ ለአንዱ ቤርቤሪን፣ ለሌላው ሜትፎርሚን ሰጠ፤ ሁለቱም 500 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ ነበር። ከሦስት ወር በኋላ ቤርቤሪን የወሰዱት ከምግብ በፊት የሚለካው ስኳራቸው በአማካይ ከ191 ወደ 124 ወረደ። የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው ኤዋንሲ ደግሞ ከ9.5 ወደ 7.5 በመቶ ወረደ። ይህ ከሜትፎርሚኑ ጋር የሚቀራረብ ውጤት ነው። ቁጥሩ ያስደስታል፤ ሰዎቹ ግን ጥቂት ናቸው፣ ጊዜውም አጭር ነው። ቤርቤሪን ከወሰዱት ሕሙማን መካከል በግምት ከሦስት አንዱ ተቅማጥ፣ የሆድ ድርቀት ወይም የሆድ መነፋት ገጥሞታል። ሜትፎርሚን በአንጻሩ ለአሥርተ ዓመታት በብዙ ሺህ ሰዎች ላይ የተጠና፣ ርካሽና በየጤና ጣቢያው የሚገኝ መድኃኒት ነው። በእኔ እምነት ሜትፎርሚን የሚስማማውን ሰው በቤርቤሪን እንዲተካው የሚያደርግ በቂ ምክንያት እስካሁን የለም።

ከመንገድ ዳር የተነቀለውን አርጌሞኔ አፍልቶ መጠጣት ግን ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። ተክሉ ቤርቤሪንን የሚሠራው ከአንድ መነሻ ተነስቶ ነው፤ ከዚያው መነሻ በሌላ ቅርንጫፍ በኩል ሳንጉዊናሪን የሚባል መርዝ ይሠራል። ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ ተክል ውስጥ ናቸው፤ ማሰሮ አይለያቸውም። በጀበና የፈላ ውሃ ውስጥ ስንት ሚሊግራም ቤርቤሪን እንዳለም የሚነግር መንገድ የለም። ሳንጉዊናሪን የደም ሥሮችን ያሰፋል፣ ፈሳሽ እንዲያፈስሱም ያደርጋል። በ1998 እ.ኤ.አ. በዴልሂ ከተማ የሰናፍጭ ዘይት በአርጌሞኔ ዘይት ተበርዞ ተሽጦ ከ60 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ የአርጌሞኔ ፍሬ ጥቁርና ጥቃቅን በመሆኑ ከሰናፍጭ ፍሬ ጋር በቀላሉ ይቀላቀላል። ምልክቱ የሁለቱም እግሮች አብሮ ማበጥ፣ የቆዳ መቅላትና የትንፋሽ ማጠር ነው። የስኳር ሕመምተኛ እግሩ ሲያብጥ ኩላሊቴ ነው ወይም ልቤ ነው ብሎ ስለሚያስብ፣ የጠጣውን ለሐኪሙ ካልነገረው ምክንያቱ ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል።

እንክብሉን የሚወስድም ሰው ለሐኪሙ መናገር አለበት። ቤርቤሪን ጉበት መድኃኒቶችን የሚሰባብርባቸውን አንዳንድ ኢንዛይሞች ያዳክማል፤ ይህ በጤነኛ ሰዎች ላይ በ900 ሚሊግራም የቀን መጠን በሁለት ሳምንት ውስጥ ታይቷል። ከእነዚህ ኢንዛይሞች መካከል በአገራችን በስፋት የሚታዘዘውን ግሊቤንክላማይድ የሚሰባብሩት አሉ። ግሊቤንክላማይድ ቆሽትን አስገድዶ ኢንሱሊን የሚያስወጣ ስለሆነ፣ በደም ውስጥ ከቆየና ቤርቤሪኑም በራሱ መንገድ ስኳር ካወረደ አደጋው ከመጠን ያለፈ የስኳር መውረድ ነው። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ መምታት፣ ኋላም መደናገር ይመጣል። በጾም ወራት ወይም ምግብ ዘግይቶ በዋለበት ቀን ይባባሳል። ለወባ በሚሰጠው ኮአርተም ውስጥ ያለውን ሉሜፋንትሪንም የሚሰባብረው ከተዳከሙት ኢንዛይሞች አንዱ ነው፤ ሉሜፋንትሪን ሲበዛ ደግሞ የልብ ምትን የኤሌክትሪክ ሥርዓት ሊያዛባ ይችላል። ስለዚህ በስምጥ ሸለቆው የወባ ወቅት ኮአርተም የታዘዘለት ሰው ቤርቤሪን እንደሚወስድ አስቀድሞ ይናገር። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ግን ቤርቤሪንን ጭራሽ አትንካው፤ በጨቅላው ደም ውስጥ ያለውን ቢጫ ቢሊሩቢን ከተሸካሚው ፕሮቲን አላቅቆ ወደ አንጎል እንዲሄድ ሊያደርግ ይችላል።

ወባው በሌላም በኩል ያሳስታል። ኤዋንሲ የሚለካው በቀይ የደም ሕዋስ ላይ የተለጠፈውን ስኳር ሲሆን፣ ሕዋሱ ከሦስት እስከ አራት ወር ያህል ይኖራል ተብሎ ነው። ወባ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያፈራርሳል፤ በምትካቸው የሚመጡት ወጣቶች ስኳር ለመልጠፍ ጊዜ አላገኙም። በኅዳር ወባ የታመመ የመቂ ሰው በታኅሣሥ ሲለካ ኤዋንሲው ከእውነቱ ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል፤ በዚያ ጊዜ እንክብል ጀምሮ ከነበረ መውረዱን ሁሉ ለእንክብሉ ይሰጣል። በእንዲህ ያለ ወቅት የሚታመነው ጠዋት ከቁርስ በፊትና ከምግብ ሁለት ሰዓት በኋላ ከጣት ጫፍ የሚለካው ስኳር ነው፤ እሱም ለተከታታይ ሳምንታት በደብተር ተጽፎ እንክብሉ ከመጀመሩ በፊት ከነበረው ጋር ሲነጻጸር።