የውጭ ክፍያ ሚዛን መልመጃ፦ የከረንትና የካፒታል ሒሳብ አለያየት ከቢቸናና ከሞጣ በተወሰዱ ምሳሌዎች

የውጭ ክፍያ ሚዛንን መልመጃ የሚሠራ ተማሪ የመጨረሻው ድምር ዜሮ ሲመጣለት እርሳሱን ያስቀምጣል። ድምሩ ዜሮ ከሆነ ሥራው ትክክል ነው ብሎ ያምናልና። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ እምነት የማያስተማምን መሆኑን ማሳየት ነው። ዜሮው የሚመሰክረው እያንዳንዱ ግብይት አንድ ጊዜ በዴቢት፥ አንድ ጊዜ በክሬዲት መጻፉን ብቻ ነው። ከሁለቱ ሒሳቦች በየትኛው መጻፍ ይገባው እንደ ነበር ግን አይናገርም። የአገር የከረንት ሒሳብ ጉድለት ትልቅ ነው ወይም ትንሽ ነው የሚባለው ደግሞ በዚሁ አመዳደብ ነው።

ነገሩ እንዲጨበጥ በምሥራቅ ጎጃም ካሉት ከሁለቱ ከተሞች፥ ከቢቸናና ከሞጣ፥ ምሳሌ እንወስዳለን። ሰዎቹም የገንዘቡ ልክም ለመልመጃ የታሰቡ ናቸው፤ የአመዳደቡ ደንብ ግን የዓለም ገንዘብ ድርጅት በመመሪያው የሚያስተምረው ነው።

አስቀድሞ ስለ ስሙ አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። በቀድሞው አጠራር ከከረንት ሒሳብ ውጭ ያለው ሁሉ የካፒታል ሒሳብ ይባል ነበር። ድርጅቱ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1993 ባወጣው አምስተኛ መመሪያ ይህን ለሁለት ከፈለውና አብዛኛውን የፋይናንስ ሒሳብ አለው፤ የካፒታል ሒሳብ የሚለው ስም እንደ ካፒታል ስጦታ ላሉ ጥቂት ነገሮች ብቻ ቀረ። እኛ በብዙ የመማሪያ መጻሕፍት እንደሚደረገው በሰፊው ትርጉም እንጠቀምበታለን። በአዲሱ አጠራር ግን ከዚህ በታች በካፒታል ሒሳብ የምንጽፋቸው ሁሉ የፋይናንስ ሒሳብ ናቸው።

1ኛ. ሁለቱ ጥያቄዎች

አንድ ግብይት በቀረበልን ጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄ፥ ግብይቱ የተደረገው በአገር ነዋሪና በውጭ አገር ነዋሪ መካከል ነውን? የሚል ነው። የሞጣ ነጋዴ አንድ መኪና ጤፍ አዲስ አበባ ወስዶ ቢሸጥ፥ ዋጋው ምንም ያህል ቢበዛ፥ በዚህ ሚዛን አይገባም። ሻጩም ገዢውም ነዋሪዎች ናቸው። ከቢቸና ወደ መተማ ወርዶ ሰሊጥ አጭዶ የሚመለስ ሰው ደመወዝም እንዲሁ አይመዘገብም። ሰሊጡ ወደ ውጭ ሲሸጥ ግን ያን ጊዜ በኤክስፖርት ይገባል።

ነዋሪነት ዜግነት አይደለም። መለኪያው ሰውዬው አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ የኑሮውን ማእከል የት አድርጓል የሚለው ነው። ስለዚህ ሱዳን ተሻግሮ አራት ወር በእርሻ ሠርቶ የሚመለስ ሰው የኢትዮጵያ ነዋሪ እንደ ሆነ ይቈያል፤ ያገኘው ደሞዝ በከረንት ሒሳብ የሥራ ገቢ ተብሎ ይመዘገባል። ቤይሩት ከገባች ሦስት ዓመት የሞላት የቢቸና ልጅ ግን ፓስፖርትዋ የኢትዮጵያ ቢሆንም በዚህ ሒሳብ የሊባኖስ ነዋሪ ናት። ለእናትዋ የምትልከው የራስዋ ደሞዝ ሳይሆን ከውጭ ነዋሪ ወደ አገር ነዋሪ የሚያልፍ ስጦታ ነው። በውጭ አገር የሚማር ተማሪ ደግሞ ከዓመት በላይ ቢቈይም የአገሩ ነዋሪ እንደ ሆነ ይቈጠራል። ወላጆቹ የሚልኩለትም ስጦታ ተብሎ አይጻፍም፤ እርሱ በዚያ ለትምህርትና ለቀለብ የሚያወጣው በአገልግሎት ግዢ፥ በጉዞ ክፍል ይገባል።

ሁለተኛው ጥያቄ ይህ ነው፦ ግብይቱ ካለቀ በኋላ አንዱ በሌላው ላይ የሚጠይቀው መብት ቀርቶአልን? ዕቃ ተገዝቶ፥ አገልግሎት ተሰጥቶ፥ ደሞዝና ወለድ ተገኝቶ፥ ለኑሮ የሚሆን ስጦታ ተሰጥቶ ከሆነ ከረንት ነው። ብድር፥ የባንክ ተቀማጭ፥ አክሲዮን ወይም ንብረት ተፈጥሮ ወይም ጠፍቶ ከሆነ ካፒታል ነው። የአገሩ የውጭ ሀብት ሲጨምር ወይም ዕዳው ሲቀንስ ዴቢት፥ ሀብቱ ሲቀንስ ወይም ዕዳው ሲጨምር ክሬዲት ይጻፋል። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ዶላር ወደ ባንክ መግባቱ ደስ የሚያሰኝ ነገር ስለ ሆነ ክሬዲት ይመስለዋል። ክሬዲቱ ግን ዶላሩን ያመጣው ምክንያት ነው፤ የባንኩ የውጭ ሀብት መጨመር ራሱ ዴቢት ነው።

2ኛ. መልመጃው

የአንድ ዓመት ግብይት እንዲህ ነው እንበል፤ ልኩ ሁሉ በሺሕ ዶላር ነው።

(ሀ) ለሁለቱ ወረዳ ገበሬዎች የ300 ማዳበሪያ ከውጭ ተገዛ። 100 ወዲያው ተከፈለ፤ 200 ከሻጩ በብድር ተወሰደ። ከረንት፦ ዴቢት 300። ካፒታል፦ ክሬዲት 100 (ክምችት ቀነሰ)፥ ክሬዲት 200 (ዕዳ ጨመረ)።

(ለ) በዓመቱ መጨረሻ ከብድሩ ዋና ገንዘብ 40፥ ወለድ 8 ተከፈለ። ከረንት፦ ዴቢት 8። ካፒታል፦ ዴቢት 40 (ዕዳ ቀነሰ)፥ ክሬዲት 48 (ክምችት ቀነሰ)።

(ሐ) ቤይሩት ያሉ ልጆች በቢቸና ላሉ ቤተ ሰቦቻቸው ለቀለብና ለትምህርት ቤት 60 ላኩ። ከረንት፦ ክሬዲት 60። ካፒታል፦ ዴቢት 60 (ክምችት ጨመረ)።

(መ) በሱዳን እርሻ አራት ወር የሠሩ ሰዎች 10 ይዘው ገብተው በባንክ መነዘሩ። ከረንት፦ ክሬዲት 10። ካፒታል፦ ዴቢት 10።

(ሠ) በውጭ የምትኖር አንዲት ሴት በሞጣ ከተማ በራስዋ ስም ቤት ለማሠራት 50 ላከች። ካፒታል፦ ክሬዲት 50፥ ዴቢት 50።

(ረ) ሌላው በውጭ የሚኖር ሰው በአገር ውስጥ ባንክ በስሙ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ከፍቶ 20 አስቀመጠ። ካፒታል፦ ክሬዲት 20፥ ዴቢት 20።

አሁን እንደምር። በከረንት ሒሳብ ክሬዲቱ 70፥ ዴቢቱ 308 ነው፤ ጉድለቱ 238 ይሆናል። በካፒታል ሒሳብ አዲሱ ብድር 200፥ ቤቱ 50፥ ተቀማጩ 20 ተደምረው 270 ይሆኑና የተከፈለው 40 ሲቀነስ 230 ይቀራል። ክምችቱ ደግሞ 148 ወጥቶበት 140 ገብቶለት በ8 ቀንሶአል። 230ና 8 ተደምረው 238፤ ድምሩ ዜሮ ነው።

3ኛ. ዜሮው የሚደብቀው ስሕተት

ባንኩ የሚያየው የመጣውን ዶላር ነው። (ሐ)፥ (ሠ)ና (ረ) በአንድ መስኮት በአንድ ዓይነት ወረቀት ቢገቡና ጸሐፊው ሁሉንም «ከውጭ የተላከ» ብሎ በስጦታ ቢያገባቸው ምን ይሆናል? የከረንት ክሬዲት ከ70 ወደ 140 ያድጋል፤ ጉድለቱ ከ238 ወደ 168 ይወርዳል። የካፒታሉ ሒሳብም በ70 ይቀንስና ድምሩ እንደ ገና ዜሮ ይሆናል። ስሕተቱ ከሥሩ ሳይነቃነቅ መልመጃው ያበቃል ማለት ነው።

ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። ለእናት የተላከው 60 ማንም መልሱልኝ አይልበትም። በባንክ የተቀመጠው 20 ግን ባለቤቱ በፈለገ ቀን የሚጠይቀው ዕዳ ነው። የሞጣውን ቤት በተመለከተ መመሪያው ቤቱን በአገር ውስጥ እንዳለ ድርጅት፥ ሴትዮዋን እንደ ባለቤቱ ቈጥሮ ገንዘቡን በቀጥታ ኢንቨስትመንት ያገባዋል። ቤቱ ሲከራይ ኪራዩ የእርስዋ ገቢ ነውና ወደፊት በከረንት ዴቢት ይሆናል። ቤቱ በእናትዋ ስም ቢሠራ ግን በእናትና በልጅ መካከል የቀረ መብት ስለሌለ ያው 50 ስጦታ ይሆናል። እንግዲህ ግንበኛውም ድንጋዩም ሳይለወጥ፥ የባለቤትነት ወረቀቱ ብቻ ግብይቱን ከአንዱ ሒሳብ ወደ ሌላው ያሻግረዋል።

ይህን ስሕተት ማወቂያው መንገድ የዓመቱን ድምር ደግሞ መደመር ሳይሆን የሚቀጥለውን ዓመት መመልከት ነው። ስጦታ ተከታይ የለውም፤ ካፒታል ግን ወለድ፥ ኪራይ፥ ወይም ተመላሽ ገንዘብ ያስከትላል። በ(ረ) የተቀመጠው 20 በሚቀጥለው ዓመት ቢወጣና መዝገቡ ያን ተቀማጭ የማያውቀው ከሆነ፥ የተቀማጩ ዕዳ ከዜሮ በታች ይወርዳል። የሌለ ዕዳ ሊከፈል አይችልምና፥ ያን ጊዜ ካለፈው ዓመት አንድ ነገር በተሳሳተ ቦታ መጻፉ ይታወቃል።

4ኛ. ገንዘብ ሳይንቀሳቀስ የሚጻፍ ግብይት

ይኸው ደንብ በትልቁ የአገር ሒሳብም ይሠራል። ኢትዮጵያ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በዲሴምበር 2014 በዓለም ገበያ የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ሸጠች፤ ወለዱ በዓመት 6.625 በመቶ ነበር። ከቦንዱ የተገኘው ገንዘብ ኤክስፖርት ወይም ገቢ አይደለም፤ በካፒታል ሒሳብ ክሬዲት ነው። በየስድስት ወሩ ይደርስ የነበረው ወደ 33 ሚሊዮን ዶላር የሚሆን ወለድ ግን በከረንት ዴቢት ነበር። በዲሴምበር 2023 የደረሰው ወለድ ሳይከፈል ቀረ። ገንዘብ ስላልወጣ የሚጻፍ ነገር የለም የሚል ተማሪ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ወለዱ የሚመዘገበው ሲከፈል ሳይሆን ጊዜው እየተቈጠረ ሲጠራቀም ስለ ሆነ፥ የከረንቱ ዴቢት በቦታው ይጻፋል፤ ያልተከፈለው ውዝፍ ደግሞ አዲስ ዕዳ ሆኖ በካፒታል ክሬዲት ይጻፋል። አለመክፈል የከረንቱን ጉድለት አያጠበውም።

5ኛ. ድምሩ ዜሮ ሳይሆን ሲቀር

በተገላቢጦሽ፥ በእውነተኛው አገር ሒሳብ ድምሩ ዜሮ የማይሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። የቢቸናዋ እናት ገንዘቡን ከባንክ ሳይሆን ከደላላ በብር ትቀበላለች እንበል። ዶላሩ ቤይሩት ለነጋዴ ተሰጥቶ ዕቃ ተገዝቶበታል። ዕቃው በጉምሩክ ሲያልፍ በኢምፖርት ዴቢት ይጻፋል፤ የልጅቱ ስጦታ ግን በየትም አልታየም። የጐደለው ክሬዲት «ስሕተትና ግድፈት» በሚባለው መስመር ይሞላል። የዚህ መስመር ማደግ ያልተጻፈ ግብይት እንዳለ ይጠቁማል፤ ዜሮ መሆኑ ግን የተጻፈው ሁሉ በስፍራው ነው ማለት አይደለም። ስለዚህ መልመጃውን የሚያርም ሰው መጨረሻውን ድምር ከማየቱ በፊት በእያንዳንዱ መስመር ላይ ሁለቱን ጥያቄዎች ደግሞ ቢጠይቅ ይሻላል፦ ነዋሪው ማን ነው? ከግብይቱ በኋላስ ማን በማን ላይ ምን ይጠይቃል?