ማን ምን ሠራ? የቡድን ጥናት ምዘና በሐቅ ሲጻፍ

የመመረቂያ ጥናቱ ዲፌንስ አልቋል። አራቱ ተማሪዎች ሥራቸውን አቅርበው፣ የፈታኞቹን ጥያቄ መልሰው ተቀምጠዋል። መምህሩ አንድ አንድ ወረቀት ያድላቸውና «የቡድን ጓደኞቻችሁ ምን ምን እንደሠሩ ጻፉ፤ ነጥብም ስጡ» ይላቸዋል። ወረቀቱ የአቻ ምዘና ይባላል። ለጥናቱ ወራት የደከሙት ተማሪዎች ይህን ገጽ ብዙ ጊዜ በአምስት ደቂቃ ሞልተው ይመልሱታል።

አምስት ደቂቃ ውስጥ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው የይሉኝታ ምዘና ነው፤ «ሁላችንም እኩል ሠርተናል» ይልና ለሁሉም እኩል ነጥብ ይሰጣል። «ስሜን ጻፉልኝ» ብሎ የጠፋውም፣ ሌሊቱን ሙሉ መረጃ ሲያስገባ ያደረውም እኩል ይሆናሉ። ሁለተኛው የቂም ምዘና ነው፤ «እሱ ሰነፍ ነው፤ ምንም አልሠራም» ይላል። ሁለቱም ለመምህሩ ምንም አይነግሩትም፤ ስለ ሥራው የሚናገር አንድ ቃል የለባቸውምና።

ከይሉኝታና ከቂም ነፃ የሆነ ሰው እንኳ በዚህ ወረቀት ላይ ይሳሳታል። ማይክል ሮስና ፊዮሬ ሲኮሊ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ባልና ሚስትን ለየብቻ እየጠየቁ ከቤት ሥራው የየራሳቸውን ድርሻ እንዲናገሩ አደረጉ። የሁለቱ መልስ ሲደመር ብዙ ጊዜ ከሙሉው በላይ ሆነ። ነገሩ ጉራ ብቻ አልነበረም፤ ሰዎቹ እንደ ጠብ መጫር ያለውን መጥፎ ነገርም ከድርሻቸው በላይ ወደ ራሳቸው አስጠግተዋል። ዋናው ምክንያት ትዝታ ነው። ራሳችን የሠራነውን ስንሠራ እዚያው ነበርን፤ ድካሙንም እናስታውሳለን። ሌላው ሲሠራ ግን አብዛኛውን ጊዜ አልነበርንም።

አንድ ቡድን በምሳሌ እንውሰድና አባላቱን ሀ፣ ለ፣ ሐ እና መ እንበላቸው። በአንድ ከተማ ሁለት ቀበሌዎች ውስጥ ቤተሰቦች የመጠጥ ውኃ እንዴት እንደሚያጠራቅሙ አጥንተዋል። 120 ቤቶችን በመጠይቅ ሊያዳርሱ ተስማምተው ለእያንዳንዳቸው 30 ቤት ደረሳቸው። ከዚህ በተጨማሪ ሀ ፕሮፖዛሉንና የተዛማጅ ጽሑፎችን ቅኝት ጻፈ። ለ መጠይቁን ወደ አማርኛ መልሳ መረጃውን ወደ ኤስፒኤስኤስ አስገባች። ሐ ትንተናውንና የመጨረሻውን ጽሑፍ ሠራች። መ ደግሞ የትምህርት ክፍሉን የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ ከቀበሌዎቹ ፈቃድ አመጣ።

መምህሩ ራሳቸውን ጭምር ለአራቱ 100 ነጥብ እንዲያካፍሉ ቢያዝ፣ ሀ ለራሱ 40፣ ለ ለራሷ 35፣ ሐ ለራሷ 35፣ መ ለራሱ 30 ሊሰጡ ይችላሉ። ድምሩ 140 ነው። ከ100 ሥራ 140 ሊወጣ አይችልም፤ ማንም ግን አልዋሸም። ስለዚህ ብዙ መምህራን ተማሪው ራሱን ትቶ 100ውን ለቀሩት ሦስቱ ብቻ እንዲያካፍል ያደርጋሉ። የቡድናችን ውጤት እንዲህ ወጣ እንበል፦ ሀ ከሦስቱ ጓደኞቹ በድምሩ 115፣ ለ 110፣ ሐ 105፣ መ 70 አገኙ። ድርሻው እኩል ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱ 100 ያገኝ ነበር።

ይህ ቁጥር ወደ ማርክ የሚለወጥበት መንገድ ቀላል ነው። በእንግሊዝ አገር ላፍበራ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ዌብፒኤ የተባለ ሥርዓትም በመሠረቱ በዚህ መንገድ ነው የሚያሰላው፤ አባላት እርስ በርስ የሰጡት ነጥብ የቡድኑን ማርክ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርገዋል። ጥናቱ ከ100 80 አገኘ እንበል። መምህሩ ግማሹን ማለትም 40ውን ለሁሉም እኩል ይሰጣል፤ ሌላውን 40 በየአባሉ ድርሻ ያባዛዋል። ሀ 86፣ ለ 84፣ ሐ 82፣ መ 68 ያገኛሉ። አማካዩ አሁንም 80 ነው።

አሁን የመን 68 ቀረብ ብለን እንየው። ሀና ሐ ዝቅተኛ ነጥብ የሰጡት መጠይቁን አጉድሎ ስላመጣ ነው፤ ይህ እውነት ነው። ለ ግን ከነጥቡ በታች እንዲህ ብላ ጻፈች እንበል፦

«መ 30 መጠይቅ ማስሞላት ነበረበት፤ በተስማማነው ቀን 12 አመጣ። የቀሩትን 18 እኔና ሐ አስሞላን። የዘገየበትን ምክንያት አላውቅም። በሌላ በኩል የቀበሌዎቹን ፈቃድ ያመጣው እሱ ብቻ ነው፤ ወደ ሁለቱ ጽሕፈት ቤቶች አራት ጊዜ ተመላልሷል። ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ በአባሪው አለ። እኔ መረጃውን ሳስገባ ዘጠኝ መጠይቆችን ሁለት ጊዜ አስገብቻለሁ። ስህተቱን ያገኘችው ሐ ናት፤ 120 መሆን የነበረበት ረድፍ 129 ሆኖ አይታው።»

ይህ አንቀጽ «ሰነፍ» ወይም «ጎበዝ» አይልም። የተባለውን፣ የተሠራውን፣ የጎደለውንና ጉድለቱን ማን እንደሞላው በቁጥር ይናገራል። የማታውቀውን ምክንያት አልገመተችም። የራሷን ስህተት ጽፋ ያረመቻትን አመሰገነች። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከመጨረሻው ጽሑፍ ላይ የማይታየውን ሥራ አወጣችው። የቀበሌ ደጅ መጥናት በየትኛውም ምዕራፍ ውስጥ አይነበብም፤ ያለ እሱ ግን አንድም ቤት አይንኳኳም ነበር። ሀና ሐ ይህን የረሱት ስለማያዩት ነው።

ስህተቱ ያለው ከቅደም ተከተሉ ነው። አባላቱ መጀመሪያ ነጥብ ሰጡ፤ ሥራውን የዘረዘሩት በኋላ ነው። መምህሩ መጀመሪያ እያንዳንዱ የሠራውን እንዲዘረዝር አድርጎ፣ ዝርዝሩን ሁሉም ካዩትና ከተስማሙበት በኋላ ነጥብ ቢያስሰጥ፣ መ ከ70 ይልቅ 85 ሊያገኝ ይችል ነበር። ማርኩም 74 ይሆናል። 18ቱ መጠይቆች አሁንም ያስከፍሉታል፤ ደብዳቤው ግን ይቆጠርለታል።

ይህ ዝርዝር በመጨረሻው ቀን ከትዝታ ከተጻፈ ያው የትዝታ ችግር ይመለሳል። መፍትሔው አንድ ደብተር ነው። ቡድኑ በተገናኘ ቁጥር አንድ ሰው ቀኑን፣ ማን ምን ሊሠራ እንደተስማማ፣ ካለፈው ቀጠሮ ደግሞ ማን ምን እንዳመጣ በሦስት መስመር ይጻፍ። ጸሐፊነቱ በየተራ ይሁን፤ ገጹንም ሁሉም ይፈርሙበት። ምዘናው በጥናቱ አጋማሽ አንድ ጊዜ፣ በመጨረሻም አንድ ጊዜ ቢደረግ ደግሞ የዘገየው ሰው ማርኩ ሳይቆረጥ በፊት ሊያስተካክል ይችላል።

መምህራንም የምዘና ወረቀቱን ለብቻና በምስጢር መቀበል አለባቸው። አንድ ተማሪ ከሌሎቹ በጣም የራቀ ነጥብ ሲሰጥ ማስረጃውን ይጠይቁት። ሁሉም እኩል ሲሰጣጡም ደብተሩን ይመልከቱ። እውነት እኩል ሠርተው ከሆነ ደብተሩ ይመሰክራል፤ ይሉኝታ ከሆነም ያጋልጣል።

በቡድን ጥናት ላይ ያላችሁ ተማሪዎች፣ የጓደኛችሁን ስም ጽፋችሁ ነጥብ ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ መልሱ፦ ይህ ሰው እኔ በሌለሁበት ምን ሠራ? መልሱን ካላወቃችሁ፣ ብዕራችሁን አስቀምጡና ሄዳችሁ ጠይቁት።