ሳጥኑ ቀድሞ ከተበሳ

ሞተሩ በደቂቃ 1440 ዙር ይዞራል፤ ማማሰያው የሚፈልገው ግን 360 ብቻ ነው እንበል። ፍጥነቱ በአራት እጥፍ መቀነስ አለበት። ትልቁ ጊር የትንሹን አራት እጥፍ ጥርስ ከያዘ ነገሩ ያለቀ ይመስላል፤ 18 እና 72፣ 25 እና 100፣ ሁሉም ያስኬዳሉ። ጣጣው የሚመጣው ሳጥኑ ቀድሞ ተበስቶ ሲገኝ ነው፤ የኩሽኔታ ቀዳዳዎቹ ከመሃል እስከ መሃል 100 ሚሊሜትር ተራርቀው ተቀምጠዋል።

እዚህ ላይ ሞጁል ይገባል። ሁለት ጊሮች ሲነካከሱ ያለመንሸራተት እንደሚንከባለሉ ሁለት ክቦች ይቆጠራሉ። የዚያ ክብ ዲያሜትር ለጥርሱ ብዛት ሲካፈል ሞጁሉ ይገኛል፤ ቁጥሩ ባደገ መጠን ጥርሱ ይወፍራል። ተነካካሾቹ አንድ ዓይነት ሞጁል ሊኖራቸው ግድ ነው። በዘንጎቹ መካከል ያለው ርቀት ደግሞ የሁለቱ ጥርሶች ድምር በሞጁሉ ተባዝቶ ለሁለት ሲካፈል የሚገኘው ነው።

ስለዚህ ስሌቱ ከኋላ ወደ ፊት ይሄዳል። በሞጁል 2 የጥርሶቹ ድምር 100 መሆን አለበት። 100ን ለአምስት ከፍሎ አንዱን እጅ ለትንሹ፣ አራቱን ለትልቁ መስጠት ነው፤ 20 እና 80። ልክክ አለ።

ጭነቱ ከበድ ብሎ ወፍራም ጥርስ ቢያስፈልግስ? በሞጁል 2.5 ድምሩ 80 ይሆንና 16 እና 64 ይወጣል። ግን በተለመደው የ20 ዲግሪ ጥርስ ከ17 በታች ሲወረድ ቆራጩ የጥርሱን ሥር ይበላዋል፤ ጊሩም የሚሰበረው እዚያው ሥሩ ላይ ነው። ትንሹን ጊር ሲቆርጡ መሣሪያውን ራቅ፣ ለትልቁ በዚያው መጠን ጠጋ በማድረግ ማዳን ይቻላል። ሞጁል 3 ግን ድምሩን 66.67 ያደርገዋል፤ ሲሶ ጥርስ ደግሞ የለም።

ደንበኛው 360 ሳይሆን 400 ዙር ቢልም ያው 100 ጥርስ ነው የሚከፋፈለው። ቅርቡ 22 እና 78 ሲሆን ማማሰያው በ406 ዙር ይዞራል። ለማማሰያ ማን ይጠይቃል? ቶርኖ ላይ ብሎን ለሚያወጣ ግን ይህች ልዩነት ጥርሱን ታበላሻለች።

የተሰበረ ጊር ይዞ የሚመጣ ሰው ሲኖር መንገዱ ያጥራል። ጥርሱን ቆጥሮ የውጭ ዲያሜትሩን በካሊፐር መለካት፣ ከዚያም ዲያሜትሩን በጥርሱ ብዛት ላይ 2 ተጨምሮ ለሚገኘው ቁጥር ማካፈል ነው። 80 ጥርስ ያለው ጊር 164 ሚሊሜትር ከሆነ፣ 164 ለ82 ሲካፈል 2 ይሰጣል። ውጤቱ 2.117 አካባቢ ከሆነ ግን ጊሩ በኢንች የተሠራ ነው። ይህን ወደ 2 አጠጋግቶ የቆረጠ ሰው አዲሱን ጊር ከድሮው ጓደኛው ጋር ሲያዞረው ጥርሶቹ ሳይገጣጠሙ እየተጋጩ ሲንኳኩ ይሰማል።