ቤቱ ይለመዳል፣ መንገዱ ግን አይለመድም

በቶሮንቶ ምሥራቅ፣ በስካርቦሮ፣ ከምድር ቤት ኪራይ ወጥቶ የራሱን ቤት የገዛ ሰው በመጀመሪያው ክረምት በሰፊው ሳሎን ይደሰታል፤ በሦስተኛው ግን ሳሎኑን ልብ አይለውም። አእምሮ ማንኛውንም ነገር የሚመዝነው ከለመደው ጋር እያነጻጸረ ነው፤ ስለዚህ የማይለዋወጥ ምቾት ውሎ አድሮ ራሱ መለኪያ ይሆናል።

ፊሊፕ ብሪክማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጥናት፣ በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት ሎተሪ የወጣላቸው 22 ሰዎች ከሌሎች ያን ያህል የበለጠ ደስተኞች ሆነው አልተገኙም። እንዲያውም ቁርስ ከመብላትና ከወዳጅ ጋር ከመጨዋወት የሚያገኙት ደስታ አንሶ ነበር። የተጠያቂዎቹ ቁጥር ጥቂት በመሆኑ ግን ውጤቱን በጥንቃቄ ማየት ይገባል።

ሁሉም ነገር ደግሞ አይለመድም። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ ብሩኖ ፍራይና አሎይስ ስቱትዘር የጀርመንን መረጃ መርምረው፣ ወደ ሥራ ረጅም መንገድ የሚመላለሱ ሰዎች የሕይወት እርካታቸው ዝቅ ያለ መሆኑን አሳይተዋል። ሳሎኑ ዘወትር ያው ነው፤ የመንገዱ መዘግየት ግን በየዕለቱ ስለሚለያይ አእምሮ የሚላመደው ቋሚ ነገር አያገኝም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 24 ቀን 2023 ባቡሩ ከሐዲዱ ወጥቶ መስመሩ ከተዘጋ ወዲህ በአውቶቡስ የሚጓዝ የስካርቦሮ ነዋሪ ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል። በእኔ ግምት፣ ቤት ፈላጊ ከተጨማሪ መኝታ ክፍል ይልቅ ለአጭር መንገድ ቢከፍል ያዋጣዋል።