ሁለቱም ፋይል ልክ ነው፣ ሁለቱም ጎደሎ ነው

በድሮፕቦክስ ወይም በመሰል አገልግሎት ከሌላ ሰው ጋር ፋይል የሚጋራ ሰው አንድ ቀን የማያውቀው ፋይል ከሚያውቀው ጎን ተቀምጦ ያገኛል። የፊተኛው ስሙ አንድ ነው፤ ኋላው ላይ ግን ረዘም ያለ ነገር ተቀጥሎበታል፦

```
Edir (TSEHAFI-PC's conflicted copy 2025-03-10).xlsx
```

ብዙ ሰው የተበላሸ ወይም በስህተት የተደገመ ፋይል ይመስለውና ያጠፋዋል። አብሮ የሚጠፋው ግን አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ሰው ሥራ ነው፤ ያ ሥራ ደግሞ ሌላ ቦታ የለም።

ነገሩን በአንድ የመንደር እድር ምሳሌ እንየው። ጸሐፊውና ገንዘብ ያዥዋ መዝገቡን በአንድ የኤክሴል ፋይል ይይዛሉ። ፋይሉ በሁለቱም ኮምፒውተር ላይ አለ፣ ድሮፕቦክስ ደግሞ ያገናኘዋል። ዓርብ ማታ ሁለቱም ዘንድ ያለው ሒሳብ አንድ ዓይነት ነው፤ ካዝናው ውስጥ 18,400 ብር አለ። ቅዳሜ ኢንተርኔት ጠፋ። የዚያኑ ዕለት ለቅሶ ደረሰና ጸሐፊው ለቀብር የወጣውን 3,000 ብር መዘገበ፤ አንዲት አባልም 100 ብር መዋጮ መክፈሏን ስለነገረችው እሱንም ጻፈ። የእሱ ፋይል 15,500 ብር ይላል። እሁድ ገንዘብ ያዥዋ በበኩሏ በእጇ የተቀበለችውን የሦስት አባላት መዋጮ፣ በነፍስ ወከፍ 100 ብር፣ አስገባች። የእሷ ፋይል 18,700 ብር ይላል። አንዱ የሌላውን ሥራ አላየም።

እሁድ ማታ የገንዘብ ያዥዋ ሰፈር ኢንተርኔት ተመለሰ። ድሮፕቦክስ ለእያንዳንዱ ፋይል ቅጂ መለያ ይሰጣል፤ ለመረዳት እንዲቀል የዓርቡን ቅጂ 14ኛው እንበለው። የእሷ ኮምፒውተር ወደ ሰርቨሩ ሲልክ “ይህ 14ኛውን አሻሽዬ የሠራሁት ነው” ይላል። ሰርቨሩ ዘንድ ያለው የመጨረሻው ቅጂም 14ኛው ስለሆነ ይቀበላትና የእሷን 15ኛ ያደርገዋል። ሰኞ ጠዋት ጸሐፊው ተገናኘ። የእሱም ኮምፒውተር “14ኛውን አሻሽዬ ነው” አለ፤ ሰርቨሩ ግን አሁን 15ኛው ላይ ደርሷል። የእሱን ቢቀበል የገንዘብ ያዥዋ ሥራ ይሸፈናል። እንዳይቀበለው ደግሞ የጸሐፊው ሥራ መና ይቀራል። ስለዚህ ሁለቱንም አስቀመጠ፤ ኋላ የደረሰውን ግን ስሙን ቀየረው።

እንግዲህ ያ ረጅም ስም የሚነግረን ጸሐፊው ዘግይቶ መገናኘቱን ብቻ ነው። ተሳስቷል ማለት አይደለም፤ ሥራውን ከሷ በኋላ ሠርቷል ማለትም አይደለም። እንዲያውም እሱ ቅዳሜ፣ እሷ እሁድ ነው የሠሩት። ስሙ ላይ ያለው 2025-03-10 ግጭቱ የተፈጠረበት ቀን ነው፤ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 1 ቀን 2017፣ ማለትም ሰኞ።

ለምን የፋይሉን ሰዓት አይቶ አዲሱን አይመርጥም የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። የኮምፒውተር ሰዓት ለዚህ አይታመንም። የማዘርቦርዱ ትንሽ ባትሪ ያለቀበት ኮምፒውተር በተነሳ ቁጥር ዓመታት ወደኋላ ሊመለስ ይችላል። እኛ ዘንድ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፦ ስልኩን በሀበሻ ሰዓት የሞላ ሰው ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ላይ 8:00 ይሞላል፤ መሣሪያው ግን ይህን የጠዋት ሰዓት አድርጎ ስለሚወስደው በ6 ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። ደግሞስ ሰዓቱ ልክ ቢሆን የእሁዱን መምረጥ የቀብሩን 3,000 ብር ከመዝገብ ማጥፋት አይደለም? የተራራቁ ኮምፒውተሮችን ሰዓት ማመን እንደማይበቃ ሌስሊ ላምፖርት በ1978 አሳይቷል። በ1983 የታተመ የሎስ አንጀለሱ ዩሲኤልኤ ተመራማሪዎች ሥራ ደግሞ ለእያንዳንዱ መሣሪያ የለውጥ ቆጣሪ በመያዝ፣ ያለ ሰዓት እገዛ፣ አንዱ ቅጂ ሌላውን ተከትሎ የመጣ መሆኑን ወይም ሁለቱ ተለያይተው ማደጋቸውን የሚለይ ዘዴ አቀረበ። ሲንክቲንግ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ግጭትን የሚለየው በዚህ መንገድ ነው። ስሙ ላይ `sync-conflict` የሚጨምርበትን ቅጂ ለመምረጥ ግን ሰዓት ያያል፤ የቆየ ሰዓት ያለው ስሙን ያጣል። ሰዓቱ ወደኋላ የቀረ ስልክ ሥራ ብዙ ጊዜ ተሸናፊ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ታዲያ ሁለቱን ራሱ ለምን አያዋህዳቸውም? አንደኛ፣ የኤክሴል ፋይል ተጨምቆ የታሸገ ጥቅል ስለሆነ ድሮፕቦክስ የሚያየው ጥቅሉን እንጂ በውስጡ ያሉትን መስመሮች አይደለም። ሁለተኛውና ዋናው ምክንያት ግን ምሳሌያችን ውስጥ አለ። ሁለቱንም ለውጥ ዝም ብለን ብንደምር 18,400 ላይ 300 እና 100 ጨምረን 3,000 ስንቀንስ 15,800 ብር እናገኛለን። ካዝናው ሲቆጠር ግን 15,700 ብር ነው። ለጸሐፊው “ከፍያለሁ” ያለችው አባል ገንዘቡን የሰጠችው ለገንዘብ ያዥዋ ነበር፤ ከሦስቱ አንዷ እሷ ናት። አንድ ክፍያ ሁለት ቦታ ተጽፏል። ይህን ደረሰኝ ያመሳከረ ሰው እንጂ የትኛውም ፕሮግራም ሊያውቀው አይችልም።

እንዲህ ያለ ፋይል ሲገጥምዎ መጀመሪያ በሁለቱም ኮምፒውተር ላይ ፋይሉን ይዝጉና ሁለቱንም ቅጂ ሌላ ቦታ ገልብጠው ያስቀምጡ። ከዚያ ከድሮፕቦክስ ድረ ገጽ `Version history` ውስጥ ሁለቱ ከመለያየታቸው በፊት የነበረውን፣ የእኛን የዓርብ ፋይል፣ ያውጡ። ይህ ሦስተኛ ፋይል ሥራውን እጅግ ያቀልለታል፤ እያንዳንዱ ሰው ከዓርብ ወዲህ ምን እንደጨመረና ምን እንደሰረዘ የሚታወቀው በእሱ ነው። ሁለቱን ብቻ ያስተያየ ሰው አንድ መስመር አንዱ ጋ ኖሮ ሌላው ጋ ሲያጣው፣ አንዱ ጨምሮት ይሁን ሌላው ሰርዞት መለየት አይችልም። ነፃ የድሮፕቦክስ አካውንት የቀድሞ ቅጂዎችን የሚያቆየው ለ30 ቀን ስለሆነ ነገሩን ማሳደር አያዋጣም። የወርድ ጽሑፍ ከሆነ `Review` ሥር ያለው `Compare` ልዩነቱን ቀለም ቀብቶ ያሳያል። ሁለቱ ፋይሎች አንድ ሆነው ከተገኙም አይደነቁ፤ ከፍቶ ምንም ሳይነኩ ሴቭ ማድረግም እንደ ለውጥ ሊቆጠር ይችላል።

ጉግል ዶክስ ሌላ መንገድ ይከተላል። እያንዳንዱን ጭማሪና ስረዛ ለይቶ ስለሚልክ ሁለት ሰዎች ያለ ኢንተርኔት ቢጽፉም ተጨማሪ ፋይል ሳይፈጥር ያዋህደዋል። ለጽሑፍ ምቹ ነው፤ ሁለቱ አንዱን ዓረፍተ ነገር ነክተውት ከሆነ ግን ቃላቱ ተደበላልቀው ማንም የማይለው ዓረፍተ ነገር ሊወጣ ይችላል፣ ያውም ያለ ማስጠንቀቂያ። ለገንዘብ መዝገብ እኔ ግጭቱን አፍ አውጥቶ የሚናገረውን እመርጣለሁ።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ጸሐፊውና ገንዘብ ያዥዋ በአንድ ፋይል ላይ አለመጻፋቸው ነው። እሱ የወጪውን፣ እሷ የገቢውን ፋይል ለየብቻ ይያዙ፤ ሦስተኛ ፋይል ሁለቱን ይደምር። እስከዚያው፣ ዛሬ የምትጋሩት አቃፊ መፈለጊያ ላይ `conflicted copy` ብላችሁ ጻፉ፤ የሚመጣውን ሁሉ ከፍታችሁ ሳታዩ አንዱንም አታጥፉ።