ባቄላው፣ ክኒኑና ያረጀው የደም ሕዋስ

እሸት ባቄላ በደረሰበት ሰሞን ሁለት ወንድማማቾች ከአንድ ሰፌድ እኩል ይበላሉ እንበል። አንደኛው ምንም ሳይሆን ያድራል። ሌላው በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ፊቱ ይገረጣል፣ የዓይኑ ነጭ ቢጫ ይሆናል፣ ወገቡን ያመዋል፣ ሽንቱም የጥቁር ሻይ ቀለም ይይዛል። ቤተሰቡ «የወፍ በሽታ ያዘው» ሊል ይችላል። ጉበቱ ግን ደህና ነው፤ እየፈረሱ ያሉት ቀይ የደም ሕዋሳቱ ናቸው። ቢጫነቱም፣ የሽንቱ መጥቆርም የሚመጡት ከፈረሱት ሕዋሳት ከወጣው ሄሞግሎቢን ነው።

ይህ ልጅ ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም እጥረት አለበት። በዓለም ላይ ከ400 ሚሊዮን የማያንስ ሰው ይህ እጥረት እንዳለበት ይገመታል። አብዛኞቹ ሳያውቁት ይኖራሉ፤ ምክንያቱም የሚያስነሳ ነገር እስካልገጠማቸው ድረስ ደማቸው እንደማንኛውም ሰው ነው። ባቄላ አንዳንድ ሰዎችን እንደሚያሳምም በሜዲትራኒያን ዳርቻ፣ በተለይም በሰርዲኒያና በሲሲሊ፣ ከጥንት ጀምሮ ይታወቅ ነበር። ምክንያቱ የተገኘው ግን ባቄላን ሳይሆን አንድን የወባ መድኃኒት በመከተል ነው።

መድኃኒቱ ፕሪማኩዊን ይባላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት በሚገኘው የስቴትቪል እስር ቤት፣ በአልፍ አልቪንግ የሚመራ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ቡድን በእስረኞች ላይ የወባ መድኃኒቶችን ይፈትን ጀመር። እስረኞቹ ፈቃደኞች ተብለው ቢመዘገቡም፣ የታሰረ ሰው በእርግጥ በነጻ ፈቃዱ ሊስማማ ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ ዛሬም ያከራክራል። ተመራማሪዎቹ አንድ ነገር ያስተውላሉ፦ በቀን 30 ሚሊግራም ፕሪማኩዊን ከሚወስዱት መካከል ጥቂቶቹ፣ በብዛትም ጥቁር አሜሪካውያኑ፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ሽንታቸው ይጠቁራል፤ የደማቸውም መጠን ያሽቆለቁላል። የቀሩት ደህና ናቸው።

ጥፋቱ የማን ነው? የሰውነታቸው መድኃኒቱን የማስወገድ አቅም? የጣፊያቸው? ወይስ የራሱ የደም ሕዋስ? ይህን ለመለየት በ1954 የታተመ አንድ ብልህ ሙከራ አደረጉ። መድኃኒቱ ከሚጎዳው ሰው ደም ወስደው በራዲዮአክቲቭ ክሮሚየም ምልክት አደረጉበትና ለጤነኛ ሰው ሰጡት። ጤነኛው ሰው ፕሪማኩዊን ሲወስድ የራሱ ሕዋሳት ምንም ሳይሆኑ የእንግዳዎቹ ሕዋሳት ብቻ ፈረሱ። ነገሩን ገልብጠው የጤነኛውን ደም መድኃኒቱ ለሚጎዳው ሰው ሲሰጡት ደግሞ የተሰጡት ሕዋሳት ተረፉ። ስለዚህ ጉድለቱ ያለው በቀይ የደም ሕዋሱ ውስጥ ነው።

ቀጥሎ የታየው ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። መድኃኒቱን ሳያቋርጡ እየሰጧቸው የሰዎቹ ደም ከአንድ ሳምንት ከምናምን በኋላ መመለስ ጀመረ። መጠኑ ያው ነው፣ ሰውየውም ያው ነው፤ መፍረሱ ግን ጋብ አለ። ወጣቱ ተመራማሪ ኧርነስት ቦይትለርና ባልደረቦቹ በራዲዮአክቲቭ ብረት የሕዋሳቱን ዕድሜ እየለዩ ሲመረምሩ መልሱን አገኙት። ከአጥንት መቅኒ ከወጡ ከ8 እስከ 21 ቀን የሆናቸው ሕዋሳት መድኃኒቱን ይቋቋማሉ፤ ከ63 እስከ 76 ቀን የሆናቸው ግን ይፈርሳሉ። አሮጌዎቹ ተጠርገው ሲያልቁ የቀረው ደም ወጣት ስለሆነ መድኃኒቱ የሚያፈርሰው አጣ። የጎደለው ነገር ምን እንደሆነ በስሙ የተጠራው በ1956 ነው፤ ፖል ካርሰን ከአልቪንግ ቡድን ጋር ባሳተመው አጭር ጽሑፍ ኢንዛይሙ ጂ6ፒዲ መሆኑን አሳየ።

ዕድሜ ለምን ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል? ቀይ የደም ሕዋስ ስንቁን ቋጥሮ ረጅም መንገድ እንደወጣ መንገደኛ ነው። መቅኒ ውስጥ ሲሠራ የሚያስፈልገው ኢንዛይም ሁሉ ይሰጠዋል፤ ወደ ደም ሲገባ ግን ኒውክሊየሱን ጥሎ ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ አዲስ ኢንዛይም መሥራት አይችልም። ከዚያ በኋላ 120 ቀን ያህል የሚኖረው በያዘው ብቻ ነው። በብዙ አፍሪካውያን ዘንድ በሚታየው የእጥረት ዓይነት ኢንዛይሙ ሲሠራ በቂ ነው፤ ነገር ግን ቶሎ ይበላሻል፤ ስለዚህ ሕዋሱ መንገዱን ሳያጋምስ ስንቁ ይመናመናል። በሜዲትራኒያን አካባቢ የሚታየው ዓይነት ግን ከመነሻውም በጣም ጥቂት ስለሆነ ወጣቶቹም ሕዋሳት አይተርፉም፤ ሕመሙም ይከፋል።

ኢንዛይሙ የሚጠብቀው ከኦክስጅን ጉዳት ነው። ሥራው ኦክስጅን መሸከም የሆነ ሕዋስ በዚያው በኦክስጅን መቃጠሉ አይቀርም፤ በውስጡ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የሚባል ጎጂ ነገር ሳያቋርጥ ይፈጠራል። ይህን የሚያረክሰው ግሉታታዮን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ግሉታታዮን ግን አንዴ ከሠራ በኋላ እንደገና ለሥራ እንዲበቃ የሚያድሰው ጉልበት ይፈልጋል። ያንን ጉልበት ከግሉኮስ እየመነጨ የሚያቀርበው ጂ6ፒዲ ነው። ሌሎች የሰውነት ሕዋሳት ሌላ መንገድ አላቸው፤ ቀይ የደም ሕዋስ ግን ከዚህ ውጭ ምንም የለውም። በሰላም ጊዜ ጥቂት ኢንዛይምም ይበቃል። ጎጂው ነገር በድንገት ሲበዛ ግን ግሉታታዮኑ ያልቅና የሚታደስበት ይጠፋል።

ያኔ የሚጎዳው ራሱ ሄሞግሎቢን ነው። ቅርጹን ያጣል፣ ይጣበቃል፣ እየጠጠረም ከሕዋሱ ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ ይለጠፋል። እነዚህን ጓጎሎች በ1890 የገለጻቸው ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ሃይንዝ ነው፤ ዛሬም የሃይንዝ ቅንጣቶች ይባላሉ። ላቦራቶሪ ውስጥ በተለመደው የደም ማቅለሚያ አይታዩም። ሕያው ደም ከሜቲል ቫዮሌት ጋር ተደባልቆ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን ሐምራዊ ነጠብጣቦች ሆነው በሕዋሱ ዳር ዳር ብቅ ይላሉ። ቅንጣቱ ያለበት ሕዋስ እንደ ልብ መተጣጠፍ አይችልም። በጣፊያ ውስጥ ባሉት ጠባብ ቀዳዳዎች ሲያልፍ ቅንጣቱ ተነቅሎ ይቀራል፤ ሕዋሱም ጠርዙ የተነከሰ መስሎ ይወጣል። ብዙዎቹ እዚያው ይያዛሉ፤ ክፉኛ የተጎዱት ደግሞ ደም ሥር ውስጥ ይፈነዳሉ፤ ሽንቱን የሚያጠቁረው የእነዚህ ሄሞግሎቢን ነው።

አሁን ባቄላው ምን እንዳደረገ ግልጽ ይሆናል። ባቄላ ቪሲንና ኮንቪሲን የሚባሉ ሁለት ንጥረ ነገሮች አሉት። አንጀት ውስጥ ሲፈጩ ዳይቪሲንና አይሶዩራሚል ወደሚባሉ ይቀየራሉ፤ እነዚህ ከኦክስጅን ጋር ሲገናኙ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያመርታሉ። በእሸትነቱ መጠናቸው ከፍ ይላል፤ መዘፍዘፍና ማብሰል ይቀንሳቸዋል እንጂ አያጠፋቸውም። ስለዚህ ጥሬ እሸት ከሁሉ የከፋ ቢሆንም ፉልም፣ ኒፍሮውም፣ ባቄላ የገባበት ሽሮም ነጻ አይደሉም። የሚታመሙት በብዛት ትናንሽ ወንዶች ልጆች ናቸው። የኢንዛይሙ ጂን በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው፤ ወንድ ልጅ ያለው አንድ ኤክስ ብቻ፣ እሱም ከእናቱ የመጣ ስለሆነ፣ ያ ከተበላሸ መተኪያ የለውም። እጥረት ያለበት ሰው ሁሉ ባቄላ በበላ ቁጥር አይታመምም፤ አንድ ጊዜ በልቶ ደህና መሆን ግን ለሚቀጥለው ዋስትና አይሆንም። ምስር፣ ሽምብራና አተር በዚህ አይጠረጠሩም።

ከመድኃኒቶች ከፕሪማኩዊን ሌላ ለሥጋ ደዌ የሚሰጠው ዳፕሰን፣ ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የሚታዘዘው ናይትሮፉራንቶይን፣ ሜቲሊን ብሉና ራስቡሪኬዝ በጥንቃቄ ዝርዝር ውስጥ ይገኛሉ። ልብስ ብል እንዳይበላው ቁም ሳጥን ውስጥ የሚደረገው ናፍታሊንም እንዲሁ ነው። በተለመደው መጠን የሚወሰድ ፓራሲታሞል ግን አይጎዳም። ከመድኃኒትም ከምግብም በላይ ደጋግሞ የሚያስነሳው ግን ተራ ኢንፌክሽን ነው፤ ሰውነት ጀርም ሲዋጋ ያንኑ ጎጂ ነገር ራሱ ያመርታልና። ስለዚህ በሳንባ ምች ጊዜ መድኃኒቱ ብቻ ሳይሆን ምቹም መጠርጠር አለበት።

ነገሩ ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት በአገራችን ሰፊ ነው። ጉበት ውስጥ ተደብቆ እንደገና የሚነሳውን ጥገኛ የሚገድለው ፕሪማኩዊን፣ በየቀኑ ለ14 ቀን የሚሰጥ ነው። እጥረቱ በደጋው ሕዝብ ዘንድ አነስተኛ ሲሆን እንደ ጋምቤላ ባሉ ቆላማ የምዕራብ አካባቢዎች ከፍ ይላል። እጥረት ያለበት ሰው ሐኪም እየተከታተለው በሳምንት አንድ ጊዜ ለስምንት ሳምንት ሊወስደው ይችላል። የዚህ አሠራር ምሥጢር ስቴትቪል ላይ የታየው ነው፦ እያንዳንዱ ክኒን ጥቂት አሮጌ ሕዋሳትን ቢያፈርስም፣ በቀሩት ቀናት መቅኒው አዳዲሶችን ይተካል። ፕሪማኩዊን በአንድ ቀን ውስጥ አብዛኛው ከሰውነት ስለሚወጣም ሽንት ሲጠቁር ማቋረጥ ይቻላል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚዋጠው ታፌኖኩዊን ግን ሁለት ሳምንት ያህል ወስዶ ገና በግማሹ ስለሚቀንስ መልሶ ማውጫ የለውም። ከእሱ በፊት የኢንዛይሙን መጠን መለካት ግዴታ የሆነው ለዚህ ነው፤ ከመደበኛው 70 በመቶ በታች ከሆነ አይሰጥም።

ምርመራው ራሱ የሚያታልልበት ጊዜ አለ። ልጁ ሽንቱ ጠቁሮ ሐኪም ቤት በገባ ቀን ጂ6ፒዲ ቢለካ ውጤቱ «ደህና» ሊል ይችላል፤ ኢንዛይም ያልነበራቸው አሮጌ ሕዋሳት ፈርሰው፣ በደሙ ውስጥ የቀሩትና መቅኒው በጥድፊያ የለቀቃቸው ወጣቶች ብቻ ሆነዋልና። ደም ተሰጥቶት ከሆነ ደግሞ የሚለካው የለጋሹ ኢንዛይም ነው። ከሁለቱ ኤክስ አንዱ የተበላሸባት ሴትም የደሟ ሕዋሳት ከፊሉ ጤነኛ ከፊሉ ጎደሎ ስለሚሆን ፈጣኑ ምርመራ ሊያልፋት ይችላል። ስለዚህ ባቄላ ወይም ክኒን ተወስዶ ሽንት ከጠቆረ መጀመሪያ የሚደረገው የወሰዱትን አቁሞ፣ ስሙን በትክክል ይዞ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስና የሄሞግሎቢንን መጠን ማስለካት ነው። በዚያ ቀን የወጣው የኢንዛይም ውጤት «ደህና» ቢልም የመጨረሻ መልስ ተብሎ መያዝ የለበትም፤ ሦስት ወር ያህል አልፎ፣ አሮጌ ሕዋሳት በደሙ ውስጥ እንደገና ከተጠራቀሙ በኋላ መደገም አለበት።