ያገለገለ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ሲገዛ ምን ይታያል?

ያገለገለ ልብስ ማጠቢያ ማሽን የሚሸጥ ሰው ብዙውን ጊዜ ሶኬቱን ሰክቶ መብራቱን ያበራል፤ ባዶው ድራም ጥቂት ይዞርና "ይኸው፣ ይሠራል" ይባላል። ይህ የሚያረጋግጠው ኤሌክትሪክ መግባቱንና ሞተሩ መንቀሳቀሱን ብቻ ነው። ማሽኑ ውሃ ስለመያዙ፣ ስለማሞቁና ከባድ ልብስ ስለመጭመቁ ገና ምንም አልታወቀም።

ከፊት ለፊት በሚከፈት ማሽን ላይ መጀመሪያ የሚፈተሸው ድራሙን ከኋላ ይዞ የሚያዞረው ኩሽኔታ ነው። ኩሽኔታውን ከውሃ የሚከላከል የጎማ ቀለበት አለ። ቀለበቱ ሲያረጅ ውሃ ሾልኮ ይገባና ግራሱን ያጥባል፤ ብረቱም ይዝጋል። ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ማሽኑን ከሶኬት ነቅሎ በሩን መክፈት፣ የድራሙን የላይኛውን ጠርዝ ከውስጥ ይዞ ወደ ላይ ማንሳትና መልቀቅ ይበቃል። ድራሙና ዙሪያውን የከበበው የፕላስቲክ ገንዳ አብረው ከፍና ዝቅ ካሉ ደህና ነው፤ ገንዳው በሞላ ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ መንቀሳቀሱ አይቀርም። ገንዳው ባለበት ቆሞ ድራሙ ብቻውን ከተንቀሳቀሰ ወይም ከተንኳኳ ግን ኩሽኔታው ተበልቷል። ድራሙን በእጅ ሲያሽከረክሩትም ጠጠር የሚፈጭ ዓይነት ድምፅ ከኋላ ከተሰማ ምልክቱ ያው ነው።

ለዚህ ክፍል ቅድሚያ የሚሰጠው ጥገናው ከባድ ስለሆነ ነው። ኩሽኔታውን ለመቀየር ማሽኑ ሙሉ በሙሉ መፈታት አለበት። በብዙ አዳዲስ ሞዴሎች ላይ ደግሞ የገንዳው ሁለት ግማሾች በፋብሪካ ተበይደው የተዘጉ ናቸው፤ ባለሙያው ወይ ገንዳውን መቁረጥ፣ ወይ ከነድራሙ መለወጥ ይኖርበታል። ይህን ምልክት ያሳየ ማሽን በርካሽ ዋጋም ቢሆን ባይገዛ ይሻላል።

የበሩ ጎማ ላይ ያለ ጉድለት ከዚህ ይቀላል። ውሃ፣ ፀጉርና ሳንቲም የሚጠራቀመው በታችኛው እጥፋት ስለሆነ እጥፋቱን በጣት ገልጦ ማየት ያስፈልጋል። ጥቁር ነጠብጣቡ ሻጋታ ነው፤ ስንጥቁ ግን ውሃ ያፈሳል። ጎማው ሊለወጥ ይችላል። የሚገጥመው የዚያው ሞዴል ጎማ በመሆኑ፣ የሞዴሉን ቁጥር ይዞ መለዋወጫ መኖሩን ዋጋ ከመቁረጥ በፊት ማጣራት ይገባል።

ቁጥሩ ብዙ ጊዜ በበሩ ጠርዝ ወይም በጀርባው በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ይገኛል። እዚያው ላይ የኤሌክትሪኩ መጠንም ተጽፏል። ለኢትዮጵያ የሚስማማው 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ማሽን 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ የሚል ከሆነ በቀጥታ አይሰካም።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው በውሃ መሞከር ነው። ለምሳሌ 7 ኪሎ የሚያጥብ ማሽን ሊገዛ የሄደ ሰው ሦስት ፎጣ ይዞ ይሂድ፤ ባዶ ድራም ሲሽከረከር መንቀጥቀጡ በደንብ አይታይምና። ፎጣዎቹን አስገብቶ በ60 ዲግሪ አጭሩን ፕሮግራም ያስጀምራል። ውሃ የሚያስገባው ቱቦ በሁለቱም ጫፍ፣ የፍሳሹ ቱቦ ደግሞ ከማሽኑ በሚወጣበት ቦታ ደረቅ ሶፍት ይደረግበታል፤ ሶፍቱ ከረጠበ የሚያፈሰው ቦታ ታወቀ። ያበጠ ወይም የተሰነጠቀ ቱቦ ሳይሞከር ይለወጣል። ከ20 ደቂቃ ገደማ በኋላ የበሩ መስታወት ለብ ካላለ ማሞቂያው ላይ ጥርጣሬ አለ። መጨረሻ ላይ ውሃው በሙሉ ወጥቶ ድራሙ በከፍተኛ ፍጥነት መጭመቅ አለበት። ያኔ ማሽኑ ከቆመበት ከተንሸራተተ እግሮቹ መስተካከላቸው ይታያል፤ ተስተካክለውም ካልቆመ አሞርዛተሮቹ ደክመዋል። ውሃው አልወጣም ካለ ደግሞ ከታች በትንሿ መክፈቻ ውስጥ ያለው የፓምፕ ማጣሪያ ተከፍቶ ይታያል፤ አንዳንዴ ጥፋቱ አንድ ቁልፍ ወይም ሳንቲም ብቻ ይሆናል።

በሻጩ ቤት የሠራ ማሽን በገዢው ቤት ውሃ አልገባልኝም ሊል ይችላል። ብዙ ማሽኖች ቢያንስ 0.5 ባር ግፊት ይፈልጋሉ። ከማሽኑ በላይ 3 ሜትር ላይ የተቀመጠ ታንከር የሚሰጠው ግን 0.3 ባር ያህል ነው። የቤቱ ውሃ ከታንከር የሚመጣ ከሆነ ይህን አስቀድሞ ማስላት ነው።

ሻጩ በውሃ ለማስሞከር ፈቃደኛ ካልሆነ ማሽኑ እንደ ብልሽት ያለበት ዕቃ ይቆጠር። ፈተናውን ያለፈ ማሽን ሲጫን ደግሞ ገንዳውን ከኋላ የሚያስሩት የማጓጓዣ ብሎኖች መመለስ አለባቸው። ብሎኖቹ ከጠፉ በድራሙ ዙሪያ ስፖንጅ ወይም ብርድ ልብስ ጠቅጥቆ ማሽኑን አቁሞ መጫን ይገባል።